ሊስትሮው፣ ስምንቱ ዓረፍተ ነገሮችና አንድ ዘጠነኛ ክፍል፦ አንቀጽን አፍርሶ የማስተማር የጉዳይ ጥናት

ዳራ

ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ይህ ጉዳይ ያጋጠመኝ በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት፣ በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ሴክሽን ነው። ተማሪዎቹ 52 ነበሩ። አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው ይባላል። ስም ተጠርቶ፣ ሰሌዳ ተጠርጎ፣ የዘገየው ገብቶ ሲያልቅ 32 ቢቀር ነው።

ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ድሮ እዚሁ ሰፈር ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ሰፈሩ በ2016 ሲነሳ ቤተሰቦቻቸው ወደ ከተማው ዳር ገቡ። ልጆቹ ግን ትምህርት ቤታቸውን አልቀየሩም። ጠዋት ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ይህን የማነሳው ኋላ ከምናየው የአንዲት ልጅ ጽሑፍ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

ስለ አንቀጽ ምንም አያውቁም ማለት አይቻልም። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተምረውታል። «ኃይለ ቃል ምንድን ነው?» ብትሏቸው ትርጉሙን እንደ ጸሎት ያወርዱላችኋል። የት የት ሊገኝ እንደሚችልም ያውቃሉ፤ በመነሻ፣ በመሐል፣ በመጨረሻ። በምርጫ ጥያቄ ላይ እምብዛም አይስቱም።

ችግሩ

በመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ «ስለ ቡና አንድ አንቀጽ ጻፉ» አልኳቸው። አንዲት ልጅ የሰጠችኝን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ፈተና ላይ ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዷ ነበረች።

«እንደሚታወቀው ቡና ለአገራችን በጣም ጠቃሚ ነው። ቡና የተገኘው ከከፋ ነው። እናቴ እሑድ እሑድ ቡና ታፈላለች። ቡና የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ጎረቤቶቻችንም ቡና ይወዳሉ። ቡና ሲበዛ እንቅልፍ ይከለክላል። ስለዚህ ቡና ጠቃሚ ስለሆነ ልንንከባከበው ይገባል።»

የፊደል ግድፈት የለበትም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ተዘግቷል። መግቢያ አለው፣ መደምደሚያም አለው፤ «ስለዚህ» እንኳ አልቀረችም። ግን ሁለተኛውን አምስተኛ ላይ፣ አምስተኛውን ሦስተኛ ላይ ብታደርጉት ምንም አይለወጥም። አንዱን ብታወጡትም አንባቢ አይነቃም።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላል ፈተና አደረግሁ። የአሥር ተማሪዎችን ጽሑፍ በመቀስ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ቆራረጥኩና ለጓደኞቻቸው ሰጠሁ። «ወደ ቦታው መልሱት» አልኩ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው በየቦታቸው ተመለሱ። «እንደሚታወቀው» እና «ስለዚህ» ስለሚያሳብቁ ነው። የመሐሉን ግን አንድም ቡድን እንደነበረው መልሶ አልገጠመውም። ወረቀቱን የጻፈው ልጅ ራሱ «እኔም የትኛው እንደቀደመ ረሳሁት» አለኝ።

ሌላም ምልክት አለ። የልጅቷ አንቀጽ ውስጥ «ቡና» የሚለው ቃል በየዓረፍተ ነገሩ ይመጣል። የመጨረሻው ላይ ካለችው «ልንንከባከበው» በቀር አንድም ጊዜ «እሱን»፣ «ይህን» ወይም «ቡናው» አላለችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ከፊቱ ባለው ላይ የማይደገፍ ሲሆን፣ ባለቤቱን በየጊዜው በስሙ ለመጥራት ይገደዳል።

መጀመሪያ የሞከርኩትና ያልሠራው

ሞዴል አንቀጽ ላሳያቸው ወሰንኩ። ዘዴው የእኔ ግኝት አይደለም። በአውስትራሊያ ሲድኒ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፋው የጽሕፈት አስተምህሮ ሦስት እርከን አለው፤ ሞዴሉን ማፍረስ፣ አብሮ መጻፍ፣ ከዚያ ለብቻ መጻፍ። እኔ ጋ የከበደው የመጀመሪያው እርከን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሞዴሉን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «ኃይለ ቃሉን አስምሩ፣ ዘርዛሪዎቹን ቁጠሩ፣ መደምደሚያውን ክበቡ» አልኩ። በሰባት ደቂቃ ጨረሱ። ሁሉም ትክክል ነበር። «ጎበዞች» ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ የጻፉት ግን ያው «እንደሚታወቀው» ነበር።

ስህተቱ የገባኝ ቤት ሄጄ ነው። ስያሜውን ቀድሜ ስሰጣቸው፣ አንቀጹን ማንበብ አላስፈለጋቸውም። የመጀመሪያውን «ኃይለ ቃል»፣ የመጨረሻውን «መደምደሚያ»፣ የቀረውን «ዘርዛሪ» ማለት ዓይንን ጨፍኖም ይቻላል። ስያሜው ቦታን እንጂ ሥራን አያሳይም።

ሞዴሉ

ሁለተኛውን ሙከራ በአዲስ አንቀጽ ጀመርኩ። ሁሉም የሚያውቀው፣ ግን ማንም ጽፎት የማያውቅ ነገር ፈለግሁ። አራት ኪሎ ካሉት ሊስትሮዎች አንዱ ጋ ሦስት ቀን ጫማ አስጠረግሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ «ጋሼ፣ ጫማዎ እኮ ንጹሕ ነው» አለኝ። የወጣው አንቀጽ ይህ ነው፦

1. የሊስትሮ ሥራ ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ጫማ የሚያበላሽ ሙያ ነው።
2. ሠራተኛው መጀመሪያ ጭቃውን በሳሙናና በውሃ ያጥባል።
3. ይህን ሳያደርግ ቀለም ቢቀባ፣ አሸዋው ከብሩሹ ጋር እየተፈገፈገ ቆዳውን ይጭረዋል።
4. ቀጥሎ ጫማው እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ እርጥብ ቆዳ ቀለም አይዝም።
5. ከደረቀ በኋላ ቀለሙን በስሱ ይቀባል።
6. ቀለሙ ከበዛ ይጋገርና ጫማው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።
7. በመጨረሻ በብሩሽ፣ ከዚያም በጨርቅ ይወለውለዋል።
8. ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ለመቆጠብ አንዱን እርምጃ የዘለለ ሊስትሮ፣ ደንበኛው በማግስቱ የሚያማርርበትን ጫማ ያስረክባል።

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በየመስመሩ ለብቻው አድርጌ፣ ከጎኑ ባዶ ቦታ ትቼ ፎቶ ኮፒ አስነሳሁ። ለሁለት ተማሪ አንድ፣ በድምሩ 26 ቅጂ። በባዶው ቦታ አናት ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ምን አለ?» እና «ምን ሠራ?»። አንድ ሕግ ጨመርኩ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ኃይለ ቃል» እና «ዘርዛሪ» ማለት ክልክል ነው። መልሱ ግስ መሆን አለበት።

ማፍረሱ

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ 15 ደቂቃ በላ። «ምን አለ?» የሚለውን ሁሉም መለሰ። «ምን ሠራ?» ላይ ክፍሉ ዝም አለ። «ይጀምራል» አለ አንዱ። መጀመሩንማ ቁጥሩም ይናገራል። «ስለ ሊስትሮ እንደሚያወራ ይነግራል» አለች ሌላዋ። «ስለ ሊስትሮ ምኑን?» አልኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ቃል ይገባል» አለ። ምን ብሎ ቃል እንደገባ ጠየቅሁት። «ቅደም ተከተሉን ሊነግረን፣ ደግሞ ካልተጠበቀ እንዴት እንደሚበላሽ ሊነግረን።»

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ከእጄ ወጣ፤ በደግ ነው የምለው። ሁለት ቃል ከተገባ፣ የቀረው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከሁለቱ አንዱን መክፈል አለበት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ደረጃ ይነግራል» ተባለ። ሦስተኛው ላይ አንዱ «ያስፈራራል» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አልነበረኝም። ደረጃው ቢዘለል የሚመጣውን ጉዳት የሚናገር ዓረፍተ ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ስሙ «ማስፈራሪያ» ሆነ። አራተኛው በድርብ ሰረዙ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ደረጃ፣ ግማሹ ማስፈራሪያ። አምስተኛው ደረጃ፣ ስድስተኛው ማስፈራሪያ።

ሰባተኛው ላይ አንዲት ልጅ እጇን አነሳች። «መምህር፣ ይሄኛው ማስፈራሪያ የለውም።»

አየሁት። እውነቷን ነው። ብሩሹና ጨርቁ ቦታ ቢቀያየሩ ምን እንደሚሆን አልጻፍኩም። ሦስት ቀን ጫማ ሳስጠርግም አልጠየቅሁም። ያንን ቀዳዳ ይዤ «ሞዴል» ብዬ አባዝቼዋለሁ። ሸፋፍኜ ማለፍ እችል ነበር፣ ግን 52 ልጅ እያየኝ ነው። «እንሙላው» አልኩ። ወንድሙ ሊስትሮ የነበረ ልጅ ተነሳና «ጨርቁ ከቀደመ ያልተዳረሰውን ቀለም ጠርጎ ይወስደዋል» አለ። ሰሌዳው ላይ 7 እና 8 መካከል ጻፍኩት። ክፍሉ አጨበጨበ። ሞዴሉ እንደ ታቦት የማይነካ ነገር መሆኑ ያበቃው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

«አሸዋው የቱ?»

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዓረፍተ ነገሮቹ በምን እንደተያያዙ ልናይ ነበር። እኔ ያዘጋጀሁት አያያዥ ቃላትን ነው፤ «ይህን»፣ «ቀጥሎ»፣ «ከደረቀ በኋላ»፣ «በመጨረሻ»፣ «ስለዚህ»። እነሱን በአምስት ደቂቃ አገኟቸው። ከዚያ አንድ ዝምተኛ ልጅ «አሸዋው የቱ?» ብሎ ጠየቀ።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «አሸዋው» ይላል። ከዚያ በፊት ግን አሸዋ የሚባል አልተነሳም። «ው» የምትለዋ ምዕላድ የምትገባው አንባቢ ለሚያውቀው ነገር ነው፤ «አንድ ሰው መጣ፣ ሰውየው ተቀመጠ» እንደምንለው። ታዲያ አሸዋውን አንባቢ የት አወቀው? ክፍሉ ተከራከረ። በመጨረሻ «ጭቃው ውስጥ አለ» ተባለ። ጭቃ ያለ ሰው አሸዋም ብሏል።

ይህን ተከትለን «ቀለም» የሚለውን ቃል አሳደድን። ሦስተኛው ላይ «ቀለም ቢቀባ» ነው፤ እንግዳ ነው፣ ምዕላድ የለውም። አምስተኛው ላይ «ቀለሙን» ሆኗል። ስድስተኛው ላይ «ቀለሙ»። ሰባተኛው ላይ ደግሞ ጫማው ስሙ እንኳ አልተጠራም፤ «ይወለውለዋል» ከሚለው ግስ መጨረሻ ላይ ተለጥፏል። አማርኛ ዓረፍተ ነገሮችን የሚሰፋበት ዋናው ክር ይህ ነው። «ከዚህም በተጨማሪ» እና «በመሆኑም» የሚታዩት ቁልፎች ናቸው፤ ስፌቱ ግን እነዚህ ትንንሽ ምዕላዶች ናቸው። እኔ ስንት ዓመት ሳስተምር ቁልፉን ብቻ ነበር የማስቆጥረው።

የቡናዋን ልጅ ፊቷን አየሁ። የራሷን ወረቀት አውጥታ «ቡና» የሚለውን እየቆጠረች ነበር። ሰባት ጊዜ።

ከዚያ ማውጣት ጀመርን። አራተኛውን በእጃችሁ ሸፍኑ አልኩ። ብዙዎቹ «ምንም አይጎድልም» አሉ። አምስተኛውን ጮክ ብለው ሲያነቡ «ከደረቀ በኋላ» ላይ ተደናቀፉ። ምኑ ደረቀ? ስድስተኛውን ስንሸፍን ግን ምንም አልተሰበረም፤ ንባቡ ይፈሳል። የጎደለው ማስፈራሪያው ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መደገፍ አለ አልን። አንዱ ሲወጣ ጎረቤቱ ይወድቃል። ሌላው ሲወጣ ጎረቤቱ ይቆማል፣ ግን ከላይ የተገባው ቃል ሳይከፈል ይቀራል።

ሰርጎ ገቡ ዓረፍተ ነገር

ትምህርቱ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህች አሥር ደቂቃ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። ሁለተኛና ሦስተኛ መካከል ይህን አስገባሁ፦ «ብዙ ሊስትሮዎች ከገጠር የመጡ ወጣቶች ናቸው።» ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ክፍሉ እኩል ተከፈለ። ይቆይ ያሉት ምክንያታቸው «እውነት ነው» እና «ስለ ሊስትሮ ነው» የሚል ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው። ክርክሩን የቋጨው ያው የኋላ ወንበሩ ልጅ ነው። «የትኛውን ቃል ከፈለ?» አለ። ዝም ተባለ። ደረጃ አይደለም፣ ማስፈራሪያም አይደለም። በዚያ ላይ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «ይህን ሳያደርግ» ብሎ ሲጀምር፣ «ይህን» የሚያመለክተው መታጠቡን መሆኑ ቀርቶ ከገጠር መምጣቱን ይሆናል።

የተማሪዎቼ ችግር የቱ ጋ እንደሆነ ያኔ ለእኔም ጠራልኝ። አንቀጽ ማለት ስለ አንድ ነገር የተጻፉ ዓረፍተ ነገሮች ስብስብ ነው ብለው ያምናሉ። የቡናው ጽሑፍ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ቡና። ግን ምንም ቃል አልገባም። «ጠቃሚ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው ከከፋም፣ ከምንዛሪም፣ ከእንቅልፍም ቢያወራ የሚከለክለው የለም።

አብሮ መጻፍ፣ ከዚያ ለብቻ

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ሽሮ አብረን ጻፍን። የመጀመሪያው ሐሳብ «ሽሮ ተወዳጅ ምግብ ነው» የሚል ነበር። «ምን ቃል ገባ?» ተብሎ ወደቀ። «ሽሮ ለመሥራት ቀላል ነው» መጣና እሱም ወደቀ። ያለፈው «ሽሮ የሚጓጉለው ገና ዱቄቱ ውሃው ውስጥ ሲገባ ነው» የሚለው ነው። ሽንኩርት ይቅደም አይቅደም በሚለው ብዙ ደቂቃ ባከነ። ሰዓቱ ሳይበቃን ስድስት ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምን።

በአራተኛው ለብቻቸው ጻፉ። እዚህ ላይ ያልጠበቅሁት መጣ። ከ52ቱ 17ቱ አንቀጻቸውን «... ቀላል ይመስላል እንጂ» ብለው ጀመሩ። ልብስ ማጠብ ቀላል ይመስላል እንጂ። እግር ኳስ ቀላል ይመስላል እንጂ። አንዱ «እናት መሆን ቀላል ይመስላል እንጂ» ብሏል። ሌላዋ ዓረፍተ ነገሮቿን ቆጥራ ስምንት ስላልሞሉ አንድ ባዶ ዓረፍተ ነገር ጨምራለች። ጠይቄያት «አንቀጽ ስምንት ነው ብለን ነበር» አለች። ብለን አናውቅም። አንድ ሞዴል ብቻ ሲያዩ ግን እንዲህ ማለታችን ነው።

ስለዚህ ያላሰብኩትን አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ሰረቅሁና ቅርጹ ፍጹም የተለየ ሁለተኛ ሞዴል አመጣሁ፦

«ረዳቱ ‹አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ› እያለ ይጣራል። ሁለት ተሳፋሪዎች ገብተው ይቀመጣሉ። ሚኒባሱ አይንቀሳቀስም። ሦስተኛው ሲገባ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ሊሄድ ነው ያሉ አራት ሰዎች ሮጠው ይሳፈራሉ። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ሚኒባስ የሚነሳው ሰዓት ሲደርስ ሳይሆን ወንበር ሲሞላ ነው።»

ቃሉ መጨረሻ ላይ ነው። ማስፈራሪያ የለም፣ «ስለዚህ» የለም፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ስድስት ናቸው። ሁለቱን ሞዴሎች ጎን ለጎን አስቀምጠን «ምን ተለየ? ምን አልተለየም?» አልን። ያልተለየው፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሐሳብ መሥራቱ ነው። «ቀላል ይመስላል እንጂ» የሊስትሮው አንቀጽ ልብስ መሆኑ የታያቸው ከሌላው ጋር ሲቆም ነው።

ምን ተገኘ፣ ምን አልተገኘም

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞዴል ሳላሳይ «የራሳችሁን ርዕስ መርጣችሁ ጻፉ» አልኩ። ያችኑ የመቀስ ፈተና ለሁሉም አደረግሁ፤ ቆርጦ ለጓደኛ መስጠት። 29 ጽሑፎች በጓደኛ እጅ እንደነበሩ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተዛንፎ ተመለሱ። በ«ቀላል ይመስላል እንጂ» የጀመሩት አራት ነበሩ። «እንደሚታወቀው» ሁለት ቦታ ብቻ አየሁ።

የቡናዋ ልጅ እንደገና ስለ ቡና ጻፈች።

«እናቴ ቡና የምታፈላው ለቡናው ብላ ሳይሆን ጎረቤት ለማግኘት ነው። አዲሱ ኮንዶሚኒየም ስንገባ የምናውቀው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን እሑድ በሩን ከፍታ ቡና ቆላች። ጭሱ ኮሪደሩን ሲሞላው የፊት ለፊቷ ሴትዮ ‹ምን ተቃጠለ?› ብላ መጣች። ያን ቀን እስከ በረካ ቆየች። በሳምንቱ እህቷንም ይዛ መጣች። አሁን እናቴ ስኳር ቢያልቅባት የምታንኳኳው በር አላት።»

«በሩን»፣ «ጭሱ»፣ «ያን ቀን»፣ «በሳምንቱ»። ማንም ቢቆራርጠው መልሶ ይገጥመዋል። የመጀመሪያው ጽሑፏ ውስጥም እናቷ እሑድ እሑድ ቡና ታፈላ ነበር፤ ከከፋና ከውጭ ምንዛሪ መሐል ተቀብራ። መጨረሻው ላይ «ስለዚህ» የለም፣ አልጎደለምም። «ሳይሆን» የሚለው አጀማመር ግን ከሞዴሎቹ የወጣ ሽታ አለው። አልነገርኳትም። ራሱ ይለቃታል።

ዘጠኝ ያህል ተማሪዎች ግን ከዚህ ሁሉ ብዙም አልተጠቀሙም። የእነሱ ችግር ሌላ ነው። «ጠዋት ተነስቼ ታጥቤ ቁርስ በልቼ ታክሲ ይዤ ስደርስ ተዘግቶ ስለነበር ተመልሼ...» እያሉ ገጹን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሞሉታል። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ለማፍረስ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መኖር አለበት። ለእነሱ ማሰሪያ አንቀጽ ፍለጋ ለብቻ ማስተማር ነበረብኝ፤ «ድርጊቱ የታሰረው የቱ ጋ ነው?» እያሉ አራት ነጥብ ማስገባት። ዘግይቼ ነው የጀመርኩት። በነገራችን ላይ «አንቀጽ» የሚለው ቃል ራሱ ያምታታቸዋል። በነባሩ ሰዋስው አንቀጽ ማለት ግስ ነው፣ በሕግ ደግሞ ሌላ ነው። በግእዝ በር ማለት ነው ስላቸው «የቱ ይሻለናል?» ብለውኛል።

ለሌላ ክፍል የሚወሰድ

ይህን በእንግሊዝኛም ሆነ በሌላ ትምህርት ለመሞከር የሚያስብ ባልደረባ ካለ፣ እኔ ደግሜ ባደርገው የምቀይረውን ልንገረው።

ሞዴሉን ራሴ እጽፋለሁ፤ አሁንም አጭርና ከሰፈር ይሆናል። ከመማሪያ መጽሐፍ የሚወሰድ አንቀጽ ብዙ ጊዜ ከትልቅ ጽሑፍ የተቆረጠ ስለሆነ «ይህ» የሚለው ቃል ገጹ ላይ የሌለ ነገር ያመለክታል። ከስምንት ዓረፍተ ነገር በላይ ከሆነ ደግሞ በ32 ደቂቃ አይዘለቅም። ሁለተኛውን ሞዴል ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ቀን አላመጣውም፤ መጀመሪያ አንዱን በደንብ ያፍርሱ። ግን ለብቻ ከመጻፋቸው በፊት መምጣት አለበት። እኔ በኋላ በማምጣቴ 17 «ይመስላል እንጂ» አርሜአለሁ።

ስያሜዎቹን በመጨረሻ እሰጣለሁ። ፈተናው ላይ «ኃይለ ቃል» እና «ዘርዛሪ» ተብሎ ስለሚመጣ መተው አይቻልም። ክፍሉ «ቃል የገባው» እና «ማስፈራሪያ» ብሎ ከጨረሰ በኋላ ስያሜውን መለጠፍ አምስት ደቂቃ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ «ማስፈራሪያ» የሚሠራው ለሊስትሮው አንቀጽ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ስለ አያታቸው ሲጽፉም ማስፈራሪያ ሲፈልጉ ነበር። ክፍሉ የፈጠረው ስም የዚያ አንቀጽ መሆኑን፣ በሌላው አንቀጽ ሌላ ስም እንደሚወጣ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

ሰርጎ ገቡን ዓረፍተ ነገር ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባመጣው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይሆንም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን ቃል እንደገባ ሳይስማሙ፣ «ይውጣ» የሚሉበት ምክንያት አይኖራቸውም።

የሞዴሉን ቀዳዳ በተመለከተ ግን እስካሁን አልወሰንኩም። ሰባተኛው ማስፈራሪያ የጎደለው ሳላውቅ ነው፤ ክፍሉ ያገኘውም ስላላወቅሁ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ዓመት ሆን ብዬ ቀዳዳ ብተውለት ፊቴ ላይ ያነቡታል ብዬ እፈራለሁ። ለጊዜው አንቀጹን ልጆቹ ከሞሉት ዓረፍተ ነገር ጋር አራት ኪሎ ላለው ሊስትሮ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማና «የማሰሪያውን ነገር ረስተውታል» አለ። ገመዱ ሳይወጣ ከተቀባ ቀለም ይነካዋል። የመጀመሪያው ደረጃ እሱ ነው አለኝ።